በኤአይ የተሠራ የማር መለያ ሥዕል የማን ነው?

በደሴ ፒያሳ አካባቢ ባሉ የኅትመትና የማስታወቂያ ሥራ ቤቶች ባነር፣ ስቲከር፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ወይም የዕቃ መለያ የሚያሠራ ደንበኛ ዛሬ ዛሬ የሚያየው ሥዕል ብዙ ጊዜ በሰው እጅ የተሣለ አይደለም። ዲዛይነሩ የሚፈልገውን በጽሑፍ ያስገባል፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም ብዙ ሰው እንደሚጠራው ኤአይ፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አራት ያህል ምስሎች ያቀርብለታል። ሥራው እጅግ ቀሏል። የባለቤትነቱ ጥያቄ ግን አልቀለለም፤ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ ስለሚነሡም ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። አንደኛው የወጣው ምስል የማን ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ወደ መሣሪያው የገባው ፎቶ የማን ነበር የሚል ነው። ሦስተኛው መሣሪያው ራሱ የተማረባቸውን ምስሎች በማን ፈቃድ ወሰደ የሚል ነው። ሦስቱን ለመለየት አንድ ምሳሌ እናስቀምጥና እስከ መጨረሻው እንከተለው።

ኮምቦልቻ ላይ ማር አሽጎ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ለማሰሮው መለያ እንዲሠራለት ደሴ ላለች ዲዛይነር ሥራ ሰጠ እንበል። እሷም «በጦሳ ተራራ ሥር፣ በአደይ አበባ መካከል፣ በጠዋት ብርሃን የቆመ የንብ ቀፎ» ብላ ጻፈች። የመጣላት ተራራ ግን ጦሳን አይመስልም፤ የትም አገር ሊኖር የሚችል ሹል ተራራ ነው። ስለዚህ ነጋዴው በቴሌግራም የላከላትን የጦሳ ፎቶ ወደ መሣሪያው አስገብታ «ይህን መነሻ አድርግ» አለችው። ከወጡት ምስሎች አንዱን መረጠች፣ የምርቱን ስም በራሷ እጅ በጣለችው ፊደል ጻፈችበት፣ በዙሪያው ከጥለት የወሰደችውን ጌጥ አሰናድታ አስገባች፣ መለያውም ታተመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለት ነገር ሆነ። ሌላ ማር አሻጊ ቀፎውንና ተራራውን ብቻ ቆርጦ በራሱ ማሰሮ ላይ ለጠፈ፤ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ደግሞ «ይህ ተራራ ከእኔ ፎቶ ነው የተወሰደው» ብሎ መጣ።

የቅጂ መብት የሚጠብቀው ምንን ነው?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከመታወቃቸው ብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ስለ ኤአይ በስም የሚለው ነገር ባይኖርም መሠረቶቹ ለጥያቄያችን በቂ ናቸው። አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆን፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ የሠሪው የራሱ ውጤት ሲሆን፣ እንዲሁም በወረቀት፣ በሸራ ወይም በፋይል ላይ ሰፍሮ ሲገኝ ነው። መብቱ የሚፈጠረው ሥራው እንደተሠራ ወዲያውኑ ሲሆን ለዚህም ምዝገባ አያስፈልግም። ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም፤ «ቀፎ ከተራራ ሥር» የሚለውን ሐሳብ ማንም ሊሥለው ይችላል። ከሁሉም በላይ አዋጁ የመብቱ መነሻ የሚያደርገው የሥራ አመንጪውን ነው፤ የሥራ አመንጪ ማለትም ሥራውን በአእምሮው ያመነጨ ሰው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ምስሉ ያምራል ወይ?» ወይም «ስንት ሰዓት ፈጀ?» የሚል አይደለም። በምስሉ ላይ የሚታየውን፣ የቀፎውን ቅርጽ፣ የብርሃኑን አወዳደቅ፣ የአበባውን አቀማመጥ፣ የወሰነው ማን ነው የሚል ነው።

ትእዛዙን የጻፈችው ዲዛይነሯ አይደለችም ወይ?

አዎ፣ እሷ ናት። ግን ሸማኔ ዘንድ ሄዶ ጋቢ የሚያዝዝ ሰውን እናስብ። ርዝመቱን፣ ውፍረቱን፣ የጥለቱን ቀለም ይናገራል፤ ሲደርስ ከፍሎ ይወስዳል፤ ጋቢው የሱ ነው። የሸመነው ግን እሱ አይደለም፤ ጥለቱ በየትኛው ድር ላይ እንዴት እንደሚሰበር የወሰነው ሸማኔው ነው። በኤአይ ምስል ላይ የተነሣው ክርክርም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በሸማኔው ቦታ የተቀመጠው ሰው ስላልሆነ መብቱ ወደ ማንም ላይሄድ መቻሉ ነው።

ጉዳዩ በስፋት የተመረመረው በአሜሪካ ነው። ስቲቨን ታለር የተባሉ የኮምፒውተር ባለሙያ አንድን ምስል ያመነጨው ማሽኔ ነው ብለው በማሽኑ ስም ለማስመዝገብ ጠየቁ። የቅጂ መብት ቢሮው እምቢ አለ፤ የወረዳው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2025 ውሳኔውን አጸኑት፦ የሥራው አመንጪ ሰው መሆን አለበት። ይህ ግን ቀላሉ ጉዳይ ነበር፤ ታለር ራሳቸው ሰው አልነካውም ብለው ነውና ያመለከቱት። ከባዱ ጄሰን አለን ያቀረቡት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በኮሎራዶ የሥነ ጥበብ ውድድር በአሸነፉበት ምስል ላይ ቢያንስ 624 ጊዜ ትእዛዝ እየጻፉና እያሻሻሉ እንደሠሩ አስረዱ። ቢሮው ይህንንም አልተቀበለም። እንደ ቢሮው እምነት ትእዛዙ ስንት ጊዜ ቢደጋገም መሣሪያው ቃሉን የሚተረጉምበትን መንገድ ጻፊው አይቆጣጠረውም፤ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ቢሰጠው እንኳ ሁለት የተለያየ ምስል ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርትም አሁን ባሉት መሣሪያዎች ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን ባለመብት አያደርግም ሲል ደመደመ።

በሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ካሽታኖቫ የተባሉ ደራሲ በኤአይ ምስሎች የተሠራ የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ አስመዝግበው ነበር። ቢሮው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ምዝገባውን አጥብቦ ሰጣቸው፦ ጽሑፉ፣ እንዲሁም የምስሎቹ አመራረጥና አደራደር የእርሳቸው ነው፤ ምስሎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ግን የማንም አይደሉም። የቤይጂንግ ኢንተርኔት ፍርድ ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት በኅዳር ተቃራኒ መንገድ ሄዶ፣ ትእዛዙን በመጻፍ፣ የመሣሪያውን ማስተካከያ ቁጥሮች በመቀያየርና ውጤቱን ደጋግሞ በማረም የግለሰቡ የአእምሮ ሥራ ተገልጿል ብሎ ለምስሉ የቅጂ መብት ሰጠ። ሁለቱ አገሮች የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ የተለያዩት ሰውየው ምን ያህል ወስኗል በሚለው መልስ ላይ ነው።

አሁን ወደ ማሰሮው እንመለስ። የኢትዮጵያ አዋጅም የሥራ አመንጪው ሰው እንዲሆን ስለሚጠይቅ ጥንቃቄ የሚሻ ሰው መለያውን በንብርብር ማየት ይኖርበታል። በእጅ የተጣለው የምርቱ ስም፣ ዲዛይነሯ ያሰናዳችው የዙሪያ ጌጥ፣ የሁሉም አደራደር፣ እነዚህ የእሷ ሥራዎች ናቸው፤ ሌላው አሻጊ መለያውን በሙሉ ገልብጦ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ላይ ተቆሞ መከራከር ይቻል ነበር። እሱ ግን ቀፎውንና ተራራውን ብቻ ነው የቆረጠው። ይህ ክፍል ከመሣሪያው እንደወጣ ያለ፣ እሷ ከመምረጥ በቀር ምንም ያላደረገችበት ስለሆነ እጅግ ደካማው ቦታዋ እዚህ ነው። ቀፎውን በራሷ እጅ ደግማ ሥላው፣ ንቦቹን ጨምራ፣ ቀለሙን በየክፍሉ ለውጣ ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር።

የመሣሪያው ድርጅት «ምስሉ ያንተ ነው» ብሎ የለም ወይ?

ብዙዎቹ አገልግሎቶች በስምምነታቸው ላይ የወጣው ምስል የተጠቃሚው ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ትርጉሙ ግን ጠባብ ነው። ድርጅቱ በተጠቃሚው ላይ የባለቤትነት ጥያቄ አላነሣም ማለቱ ነው። ስምምነት ሁለት ወገኖችን ያስራል፤ ሦስተኛ ሰው የሆነውን ያን ሌላ ማር አሻጊ አያስረውም። ሕግ ያልፈጠረውን የቅጂ መብት ድርጅቱ ሊሰጥ አይችልም፤ የሌለውን አያስተላልፍምና።

ታዲያ ነጋዴው መለያውን በምን ይጠብቀዋል?

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የማያስበው ሌላ ሕግ አለ። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚጠይቀው ምልክቱን ማን ሣለው የሚለውን ሳይሆን ምልክቱ የአንዱን ነጋዴ ዕቃ ከሌላው ለይቶ ያሳያል ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ በኤአይ የተሠራ ምስል የንግድ ምልክት ከመሆን በዚህ ብቻ አይከለከልም። ነገር ግን እንደ ቅጂ መብቱ በራሱ አይመጣም፤ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ማር የሚሸጥ ሰው ቀፎን እንደ ቀፎ ብቻውን ቢያስመዘግብ ዕቃውን ገላጭ ነው ሊባል ይችላል፤ ስሙን ከቀፎውና ከጌጡ ጋር አንድ ላይ ማቅረቡ ይሻለዋል። በእኔ ግምት ለኮምቦልቻው ነጋዴ ከማንኛውም የቅጂ መብት ክርክር ይልቅ ይህ መንገድ ቀድሞ ይጠቅመዋል።

ፎቶግራፍ አንሺው ትክክል ነው?

የእሱ ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ብዙ ዲዛይነር የማይጠረጥረውም ይህንኑ ነው። ፎቶግራፍ በአዋጁ የተጠበቀ ሥራ ሲሆን ጥበቃው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይቆያል። ባለመብቱ ፎቶው እንዲባዛም ሆነ ተለውጦ እንዲሠራ የመፍቀድና የመከልከል መብት አለው። ዲዛይነሯ ፎቶውን ወደ መሣሪያው ስታስገባ አባዝታዋለች፤ መሣሪያው ተራራውን፣ የደመናውን ቅርጽና ፎቶው የተነሣበትን ማዕዘን ይዞ አዲስ ምስል ሲያወጣ ደግሞ ለውጦ መሥራት የሚባለው ነገር ሊኖር ይችላል። ነጋዴው በቴሌግራም ስለላከው የነጋዴው አይሆንም፤ እሱም ከሌላ ቻናል ያገኘው ሊሆን ይችላል። አዋጁ አንድ ሰው ለግሉ አንድ ቅጂ ቢያደርግ ይታገሠዋል፤ በማሰሮ ላይ ታትሞ የሚሸጥ መለያ ግን የግል ጉዳይ አይደለም።

መለኪያው ከፎቶው የተወሰደው ምን እንደሆነ ነው። ጦሳ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ማንም ቆሞ ሊያነሣው ይችላል። ሁለቱ ምስሎች የሚመሳሰሉት በተራራው ብቻ ከሆነ ፎቶግራፍ አንሺው ብዙ አይራመድም። ዳመናው በዚያው ቦታ ከተሰበረ፣ ጥላው በዚያው ሸንተረር ላይ ካረፈ፣ ከፊት ያለው ዛፍ ከነቅርንጫፉ ከመጣ ግን እነዚህ የእሱ ምርጫዎች ናቸው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች መነሻው ፎቶ ምን ያህል እንዲጠበቅ የሚወስን መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ወደ ፎቶው በተጠጋ መጠን ክሱም እየጠነከረ ይሄዳል።

መሣሪያው የተማረባቸው ምስሎችስ?

ይህ የዓለም ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች በብርቱ የሚከራከሩበት ነው። በስፋት ከታወቁት መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ስቴብል ዲፊውዥን እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ የተማረው ላዮን ከተባለ የጀርመን ድርጅት ዝርዝር ነው። ሙሉው ዝርዝር 5.85 ቢሊዮን የምስል አድራሻዎችን ከነመግለጫ ጽሑፋቸው ይዟል፤ ከዚህ ውስጥ የእንግሊዝኛ መግለጫ ያላቸው 2.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ዝርዝሩ ራሱ አድራሻ እንጂ ምስል አልያዘም። ለማሠልጠን ግን እያንዳንዱ ምስል ከየድረ ገጹ መውረድ ነበረበት፤ ለዚህም የባለቤቶቹ ፈቃድ አልተጠየቀም።

ሥልጠናው የሚከናወነው እንዲህ ነው። ምስሉ ላይ ቀስ በቀስ የዘፈቀደ ነጠብጣብ እየተጨመረ ይበላሻል፤ ሞዴሉም፣ ማለትም ከመሣሪያው ጀርባ ያለው የሚማረው ፕሮግራም፣ መግለጫ ጽሑፉን እያየ የተጨመረውን ነጠብጣብ እንዲገምት ይደረጋል። ሲሳሳት በውስጡ ያሉ ቁጥሮች በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ይህ ስፍር ቁጥር ለሌለው ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ሞዴሉ ከነጠብጣብ ብቻ ተነሥቶ «ተራራ» ወይም «ቀፎ» ከሚለው ቃል ጋር የሚስማማ ምስል ማውጣት ይችላል።

ታዲያ ምስሎቹ በሞዴሉ ውስጥ ተቀምጠዋል? የመጀመሪያው ስቴብል ዲፊውዥን ፋይል 4 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ይህ ለ2.3 ቢሊዮን ምስል ቢካፈል ለአንዱ ምስል ከሁለት ባይት በታች ይደርሰዋል፤ አንዲት የግዕዝ ፊደል እንኳ በተለመደው የጽሑፍ አቀማመጥ ሦስት ባይት ትወስዳለች። ስለዚህ ሁሉም ምስል እንዳለ ተቀምጧል ማለት አይቻልም። ምንም አልተቀመጠም ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2023 ተመራማሪዎች በሥልጠናው ውስጥ ብዙ ጊዜ የተደጋገሙ 350,000 ምስሎችን መርጠው በየመግለጫቸው 500 ጊዜ ምስል አስወጡ፤ 109 ያህሉ ብቻ ከዋናው ጋር እጅግ ተመሳስለው ተገኙ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አንድ ፎቶ በመቶ ድረ ገጽ ላይ ተለጥፎ ከሆነ ሞዴሉ ደጋግሞ ስላየው ይሸመድደዋል።

የጦሳ ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በተቃራኒው በኩል ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የደሴና የጦሳ ምስል በእንግሊዝኛ መግለጫ ተጽፎ የሚገኘው በጥቂቱ ስለሚሆን ሞዴሉ ሹል ተራራ ከማምጣት በቀር አማራጭ የለውም። ዲዛይነሯ የሰው ፎቶ ወደ ማስገባት የሄደችው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በእኛ ከተሞች ያለው አደጋ ሞዴሉ ከሸመደደው ይልቅ እኛው በእጃችን ከምናስገባው ይመጣል። የዓለሙ ክርክር በሥልጠናው ላይ ሲያተኩር ይህ ሳይታይ መቅረቱ ያሳስበኛል።

ፍርድ ቤቶች ስለ ሥልጠናው ምን አሉ?

መልሱ ከአገር አገር ይለያያል፤ የሚለያየውም እያንዳንዱ ሕግ ያለ ፈቃድ መጠቀምን የሚፈቅድበት የየራሱ መንገድ ስላለው ነው። በሐምቡርግ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ላዮን ፎቶዬን አውርዷል ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ማውረዱ ለሳይንሳዊ ምርምር በተፈቀደው ልዩ ሁኔታ ሥር ይወድቃል ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ለንግድ የሚደረገውን መረጃ መሰብሰብም ይፈቅዳል፤ ባለመብቱ ግን በማሽን በሚነበብ መንገድ «አልፈቅድም» ካለ መውሰድ አይቻልም። በለንደን ደግሞ የፎቶ አቅራቢው ጌቲ ኢሜጅስ የስቴብል ዲፊውዥንን ሠሪ ከሶ ነበር። ሥልጠናው በብሪታንያ ምድር መደረጉን ማሳየት ስላልቻለ ዋናውን ክስ በመሀል ተወው፤ ዳኛዋ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ሞዴሉ ቅጂዎችን ስለማያከማች ራሱ «ሕገወጥ ቅጂ» አይባልም ሲሉ ወሰኑ። ጌቲ የረታው በጠባብ ነገር ነው፦ አንዳንድ ምስሎች ድርጅቱ በፎቶዎቹ ላይ የሚያትመውን ደብዛዛ የስም ምልክት፣ የውኃ ምልክት የሚባለውን፣ ተጣምሞ ይዘው ወጥተው ስለነበር በንግድ ምልክቱ በኩል በከፊል ተፈረደለት። በአሜሪካ የሠዓሊዎችና የትልልቅ ስቱዲዮዎች ክሶች ቀርበዋል፤ እዚያ ጥያቄው ፍትሐዊ አጠቃቀም በሚባለው መርሕ ሥር ይወድቃል፤ ይህም ዳኛው ጉዳዩን በየሁኔታው እንዲመዝን የሚፈቅድ ሰፊ መርሕ ነው።

የእኛ አዋጅ እንዲህ ያለ ሰፊ መርሕ የለውም። ለትምህርት፣ ለጥቅስ፣ ለዜና፣ ለቤተ መጻሕፍት እያለ የተፈቀዱትን ይዘረዝራል፤ ለማሽን ሥልጠና የተጻፈ ልዩ ሁኔታ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቢሆንም የደሴው ፎቶግራፍ አንሺ ፎቶው በሥልጠና ላይ ውሏል ብሎ ቢያምን ድርጊቱ የተፈጸመው በሌላ አገር ባለ ሰርቨር ስለሆነ፣ ጌቲ ለንደን ላይ የገጠመው ዓይነት ችግር ይገጥመዋል። ከዲዛይነሯ ጋር ያለው ክርክር ግን እዚሁ ነው፣ ማስረጃውም እዚሁ ነው።

መለያው ከመታተሙ በፊት ምን ይታያል?

የወጣውን ምስል በምስል መፈለጊያ ማስገባትና ተመሳሳዩ መኖሩን ማየት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ማዕዘኖቹን አጉልቶ መመልከትም ያስፈልጋል፤ ፊርማ የሚመስል የማይነበብ ጭረት ወይም የደበዘዘ የውኃ ምልክት ካለ ሞዴሉ የተማረው ፊርማ ካለባቸው ሥራዎች መሆኑን ይጠቁማል። ሠሪውን በስም ጠርቶ «በእገሌ አሣሣል» ብሎ ማዘዝም አደገኛ ነው፤ አሣሣል ብቻውን በቅጂ መብት ባይጠበቅም ውጤቱ ወደ አንድ የተወሰነ ሥራ የመጠጋት ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል።

ዲዛይነሯ ከመጀመሪያው ምስል እስከ መጨረሻው ያለውን ፋይል ንብርብሩን ሳታጠፋ ማስቀመጥ አለባት፤ ምን እንደጨመረች የሚያሳይላት ሌላ ማስረጃ የለምና። መነሻ ፎቶ ካስፈለጋት ራሷ ጦሳ ሥር ቆማ ታንሣው፣ ወይም ካነሣው ሰው ለመለያ ሥራ የሚያገለግል የጽሑፍ ፈቃድ ትቀበል። ከነጋዴው ጋር በምትፈራረመው ወረቀት ላይም ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ምስሉ በኤአይ መሠራቱ፣ የላከው ፎቶ የራሱ ወይም የተፈቀደለት ስለመሆኑ ነጋዴው ኃላፊነት መውሰዱ፣ በእጅ የተሠራው ፊደልና ጌጥ ከክፍያ በኋላ ለማን እንደሚሆን። ነጋዴው የንግድ ምልክት ማመልከቻውን መለያው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ካስገባ፣ ያ ሌላው አሻጊ ቀፎውን ቆርጦ ሲለጥፍ መልሱን የሚፈልገው በቅጂ መብት ውስጥ አይሆንም።